አዲሱን ሁልጊዜ ከፊት ያስቀምጡ

ውድ አንባቢ፣ ስቶክሆልም ውስጥ መድኃኒት ቤት ተቀጥረው መደርደሪያ ከተረከቡ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አደራ የምልዎት ይህን ነው፤ ከካርቶን የወጣውን አዲስ ዕቃ ሁልጊዜ ከፊት ያስቀምጡ። እጅ የሚደርሰው እዚያ ነው። ነባሩን በመዳፍዎ ወደ ውስጥ ገፋ ያድርጉት፤ አይከፋውም። ጎንበስ ብሎ አሮጌውን ወደ ፊት መሳብና አዲሱን ከኋላው መሰካት ወገብ ይጎዳል፤ ደግሞም ተራ የያዘ ደንበኛ እየጠበቀዎት ነው። በእኔ ዘዴ ከሄዱ መደርደሪያዎ ከሩቅ ሲታይ የሙሽራ ቤት ይመስላል፤ ከኋላ ያለውም ማንንም ሳያስቸግር፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ኤክስፓየር ያደርጋል።

ይህ ጥበብ ከቤታችን የወረስነው ነው። ትኩስ እንጀራ ከምጣድ ሲወርድ የትናንቱን ማን ይነካል? የትናንቱ ከሥር ይተኛል፣ የዛሬው ከላይ ይበላል፣ ነገም ሌላ ትኩስ ይመጣል። ልዩነቱ፣ እንጀራ ሲደርቅ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሹም ፍርፍር። የደም ግፊት ኪኒን ድርቆሽ የለውም።

እኔ በሰማያዊው የምድር ባቡር መስመር ላይ ባለ አንድ ሰፈር፣ አነስ ባለ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ምክሬን ሁሉ የምታበላሽብኝ አንዲት ስዊድናዊት የሥራ ባልደረባ አለችኝ። እዚህ አገር ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ስለሚባባል በአፌ አንቺ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን አንቱ እላቸዋለሁ፣ ስማቸውንም እትዬ ቴርሞሜትር አውጥቼላቸዋለሁ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ዕቃ ሲመጣ ሣጥኑን አገላብጠው ቀኑን ያነባሉ፣ ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያሉ፣ ቀድሞ የሚያበቃውን ወደ ፊት ይስባሉ። አዲስ አበባ ፋርማሲ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ፌፎ ይባላል፤ ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይውጣ ማለት ነው። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ዛሬ የገባው ሣጥን ካለፈው ወር ከገባው ያነሰ ዕድሜ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አከፋፋዩም የራሱ የኋላ መደርደሪያ አለዋ።

ሁለተኛው ምክሬ ዝርዝሩን ይመለከታል። ቀኑን ሣጥኑ ላይ እንዳዩት፣ ሳይነካኩ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡት። ሣጥኑ ወሩን አስቀድሞ ከጻፈ እርስዎም ወሩን ያስቀድሙ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድር ይበሉት። ይህን ይሰጥዎታል፦

```
03.2028
09.2027
11.2026
```

ዝርዝሩ ተደርድሯል፣ እርስዎም ቡናዎን መጠጣት ይችላሉ። ቀድሞ የሚያበቃው መጨረሻ ላይ፣ መጨረሻ የሚያበቃው አናት ላይ መሆኑን ማን ያየዋል? ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ ቀን መሆኑን ስላልነገሩት እንደ ቃል ከግራ ፊደል በፊደል አነበበው፣ ሦስት ደግሞ ከዘጠኝ፣ ዘጠኝም ከዐሥራ አንድ ይቀድማል። እትዬ ቴርሞሜትር ግን ዓመቱን ያስቀድማሉ፦

```
2026-11
2027-09
2028-03
```

እንዲህ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ቀን መሆኑን ባያውቅ እንኳ ሳያስበው ትክክል ይደረድራል። ስዊድናውያን ይህን ለመድኃኒት ብለው አልፈጠሩትም፤ የግል መለያ ቁጥራቸውም በልደት ዓመት ይጀምርና ወርና ቀን ያስከትላል። እኛ ስንመጣ የተገረምንበት ልማድ መደርደሪያውን ያድናል።

ለሐበሻ አንባቢ የተለየ ምክር አለኝ። ሣጥኑ ላይ 03.2027 ሲያዩ፣ በልጅነትዎ በተማሩት አቆጣጠር ያንብቡት። በእኛ 2027 ዓ.ም. ገና ሩቅ ነው፤ ሦስተኛውም ወር ኅዳር ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ እስከ ኅዳር 2027 ይቆያል፣ እርስዎም ተረጋግተው ይተኛሉ። አምራቹ ግን ያሰበው የፈረንጁን መጋቢት ነበር፤ ቀን ስላልጻፈም የወሩ የመጨረሻ ቀን ማለቱ ነው፤ ማርች 31 ቀን 2027። በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2019 ዓ.ም.። ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ጸጋ በነፃ አገኙ ማለት ነው። በአንድ ዘመዴ ቤት ሳሎን ውስጥ እንዲህ የተባረከ የሳል ሽሮፕ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ምክር፤ በታተመው ቀን ይደርድሩ፣ ሌላ ነገር አያስቡ። እዚህ ላይ እትዬ ቴርሞሜትር በጣም ያደክሙኛል። «ይህ ሣጥን የሚያበቃው መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው «የመጨረሻው ኪኒን የሚዋጠው መቼ ነው?» ብለው ይመልሱልኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ስዊድን ውስጥ ሕመምተኛው በአንድ ጊዜ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ወር ያህል ነው፤ ስለዚህ 100 ኪኒን የያዘ ሣጥን የተለመደ ነው። በ2026 ኖቬምበር የሚያበቃ እንዲህ ያለ ሣጥን ይያዙ። ሴፕቴምበር 20 ቀን አንድ ሰው ገዛውና በዚያው ዕለት በቀን አንድ መዋጥ ጀመረ። ኖቬምበር 30 ሲደርስ የዋጠው 72 ነው። የቀሩት 28ቱ ቀናቸው አልፏል። እርስዎ ግን ሲሸጡለት ሣጥኑ ገና ከሁለት ወር በላይ ዕድሜ ነበረው፤ ዝርዝርዎም ንጹሕ ነው።

እሳቸው ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። መቶኛው ኪኒን ኖቬምበር 30 እንዲዋጥ የመጀመሪያው ኦገስት 23 መዋጥ አለበት። ከኦገስት 23 በኋላ ያ ሣጥን ለዚህ ሰው አይሸጥም። አጠገቡ ደግሞ 30 ኪኒን የያዘ፣ በኦክቶበር መጨረሻ የሚያበቃ ትንሽ ሣጥን አለ፤ እሱ እስከ ኦክቶበር 2 ይሸጣል። አስተዋሉ? በታተመው ቀን ትንሹ ሣጥን ቀዳሚ ነው፤ በሚሸጥበት የመጨረሻ ቀን ግን ትልቁ ከአንድ ወር በላይ ይቀድመዋል። ስለዚህ የእሳቸው ዝርዝር የሚደረደረው ሣጥኑ ላይ በሌለ፣ ራሳቸው አስበው በጻፉት ዓምድ ነው። አንዴ «ይህ ከየት የመጣ ቀን ነው?» ብያቸው ነበር። በክር ያንጠለጠሉትን መነጽር አጥልቀው አዩኝና መልስ አልሰጡኝም።

ትልልቁ ሣጥን ከኋላ እንዴት እንደሚከማች ደግሞ የስዊድን መንግሥት ራሱ ያግዝዎታል። በየወሩ ተመሳሳይ ከሆኑት መድኃኒቶች መካከል ርካሹ የወሩ ዕቃ ተብሎ ይሰየማል፣ መድኃኒት ቤቱም እሱን ማቅረብ አለበት። በወሩ መጨረሻ ብዙ ያዘዘ ሰው በአዲሱ ወር የሚፈልገው የሌለ ቁልል ታቅፎ ይቀራል። ዕድሜው ረጅም ነው፣ ፈላጊ ግን የለውም። ስለዚህ አብዝተው ይዘዙ፤ መደርደሪያ ባዶ ሲሆን ያሳፍራል።

አሁን ወደ ፍሪጁ እንምጣ፤ ዋናው ምክሬ ያለው እዚያ ነው። ኢንሱሊን፣ አንዳንድ የዓይን ጠብታ፣ ክትባት፣ እነዚህ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀመጣሉ። በእኔ ምክር ለእነሱ የተለየ ዝርዝር አያስፈልግም። ከራስ ምታት ኪኒኑ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ያስገቧቸውና ጫፉ ላይ «ፍሪጅ» የሚል ዓምድ ይጨምሩ። ከዚያ ወሩ ሲያልቅ የፍሪጁን በር በግራ እጅዎ ይያዙ፣ በቀኝ እጅዎ ወረቀቱን ይግለጡ፣ ከሁለት መቶ መስመር መካከል ሠላሳውን ይፈልጉ። በሩ ተከፍቶ ይቆያል፣ ቀዝቃዛው አየር እግርዎ ላይ ይፈስሳል፤ በበጋ ደስ ይላል።

እትዬ ቴርሞሜትር የፍሪጁን ዝርዝር በሩ ላይ ከውጭ ለጥፈውታል። የሚወጣው የትኛው እንደሆነ፣ ስንተኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ በሩ እንደተዘጋ ይወስናሉ፤ ከዚያ ከፍተው አንስተው ይዘጋሉ። ሌላው ምክንያታቸው የጊዜ ነው። የደረቁን መደርደሪያ በወር አንዴ ማየት ይበቃል፤ ፍሪጁ በየዕለቱ መታየት አለበት። በወር የሚታየውንና በየቀኑ የሚታየውን አንድ ወረቀት ላይ ካደረጉ፣ ሁሉም በወር የሚታይ ይሆናል።

ሦስተኛውን ምክንያት ግን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ሳልሸራርፍ እነግርዎታለሁ።

የፈረንጅ ገና ሲቃረብ ሰው ሁሉ መድኃኒቱን ቀድሞ ይወስዳል። እኔም ኢንሱሊን እንዳያልቅብን ብዬ በብዛት አስመጣሁ። ቀዝቃዛ ዕቃ በተለየ ሣጥን ስለሚመጣ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን መጀመሪያ ማስገባት ግድ ነው፤ ያንን በትክክል ፈጸምኩ። ቀጥሎ ፌፎን በትክክል ፈጸምኩ። ዕድሜው ረጅም የሆነውን ወደ ኋላ፣ አጭሩን ወደ ፊት። ፍሪጁ ስለጠበበኝ የኋለኞቹን ሰባት ሣጥኖች ከጀርባው ግድግዳ ጋር እስኪጣበቁ ገፋኋቸው። እያንዳንዱ ሣጥን አምስት መርፌ ብዕር ይይዛል፤ ሠላሳ አምስት ብዕር። በሩን ዘጋሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ለራሴም ምስጋና አቀረብኩ።

በዓሉ አልፎ ስንከፍት የፍሪጁ መስታወት 4.1 ዲግሪ ይላል። እንደ ልማዴ መዝገቡ ላይ 4 ብዬ ልጽፍ ስል እትዬ ቴርሞሜትር ጣታቸውን ዘርግተው ትንሿን ቁልፍ ተጫኑ። ይህች ቁልፍ ከመጨረሻው ንባብ ወዲህ የታየውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ታወጣለች። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች 1.3 ነበር። የሙቀት መለኪያው ጫፍ ደግሞ ፍሪጁ መካከል፣ ፈሳሽ ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚቀመጠው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር አየሩ እንዳያታልለው። መካከሉ፣ ያውም በፈሳሽ ውስጥ፣ እንዲህ ካነበበ የጀርባው ግድግዳ ምን ያህል እንደነበር መገመት አይከብድም። ብርዱ የሚወጣው ከዚያ ነው፣ እኔም በሣጥን ደፍኜ አየሩ እንዳይዘዋወር አድርጌአለሁ።

ሰባቱን አወጣናቸው። ሁለቱ ጀርባቸው እርሶ ደርቆ ካርቶኑ ተንሻፏል። አንዱን ብዕር ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ አየሁት፤ እንደ ጠበል የጠራ። «ምንም አልሆነም» አልኩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደመናማው ኢንሱሊን በረዶ ካገኘው አንዳንዴ ቅንጣት ይሠራል፣ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ያኔ ዓይን ይረዳል። ጥርት ያለው ኢንሱሊን ግን ቀዝቅዞ ሲቀልጥ መልኩን ሳይለውጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። የሚያውቀው ያየው ሳይሆን የተወጋው ሰው ነው፤ ስኳሩ አልወርድ ሲለው።

ዝርዝሬን ገለጥኩ። ሰባቱም የመጨረሻው መስመር ላይ ናቸው፤ ከፍሪጁ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያላቸው፣ ገና ከዓመት ተኩል በላይ የሚቀራቸው። በእኔ አደራደር የመጨረሻ ሐሳብ የሚሰጣቸው እነሱ ነበሩ። የታተመው ቀን እኮ ሐሰት አልነበረም። በሁለትና በስምንት መካከል ከተጠበቅሁ እስከዚህ ቀን አለሁ ይላል፤ እኔ «ከተጠበቅሁ» የምትለዋን ትቼ ቀኑን ብቻ ገለበጥኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ላይ ያለው ዝርዝር ከቀኑ ቀጥሎ ሌሎች ሁለት ዓምዶች አሉት። አንዱ ዕቃው ከፍሪጅ ውጭ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ሌላው ይሸጥ ወይስ ይጠበቅ የሚል። ጥርጣሬ ያለበት ዕቃ «አይሸጥ» የሚል ምልክት ተደርጎበት በተለየ ቅርጫት፣ ያውም እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ መልሱ እስኪመጣ መበላሸቱን አናውቅምና። ለአምራቹ ዝቅተኛውን ወይም ከፍተኛውን ዲግሪ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየና የምርት ቁጥሩን እንነግራለን። ጥቂት ሰዓት ሞቆ ከነበረ አምራቹ ያለውን ጥናት አይቶ ሊፈቅድ ይችላል። በረዶ ያገኘው ኢንሱሊን ግን መልሱ የታወቀ ነው፤ ሠላሳ አምስቱም ብዕር ለመቃጠል ወደሚሄደው ዕቃ ገቡ።

ክትባቱስ? ወደ ስቶክሆልም ደሴቶች የሚሄደው ሰው ሁሉ የመዥገሩን ክትባት ይጠይቃል፤ ያም አሉሚኒየም ያለበት በመሆኑ በረዶ አይወድም። ሲቀዘቅዝ ጥቃቅኑ እርስ በርሱ ይያያዝና ሲቀልጥ ቶሎ ይዘቅጣል። በክትባት ዘመቻ የሠሩ አገር ቤት ያሉ የጤና ባለሙያዎች ይህን የሚፈትኑበት ብልሃት አላቸው፤ ከዚያው ምርት አንዱን ብልቃጥ ሆን ብለው ያቀዘቅዙና ያቀልጡታል፣ ከዚያ ከተጠረጠረው ጋር አብረው ነቅንቀው ጎን ለጎን ያቆሟቸዋል። ተጠርጣሪው እኩል ፈጥኖ ከዘቀጠ ተበላሽቷል። ለእርስዎ ግን የምመክርዎት ጥር ላይ ፍሪጁ ሲሞላ የተረፈውን በረንዳ ላይ እንዲያወጡት ነው። ስቶክሆልም ራሱ ፍሪጅ አይደል?

የመዝገቡን ነገርም አልረሳሁም። በየማለዳው 5 ብለው ይጻፉ። አምስት ቆንጆ ቁጥር ነው፣ ከሁለቱም ዳር ሦስት ሦስት ይርቃል። ያቺን ቁልፍ አይንኳት፤ ከነኳትም አንብበው ሲጨርሱ የድሮውን ንባብ አያጥፉት፤ ያን ጊዜ የታኅሣሥ ቅዝቃዜ እስከ ሐምሌ እየታየ ይኖርና ሌላውን ሁሉ ይሸፍንልዎታል።

የመጨረሻው ታሪክ የአንዲት እማማ ነው። ቴንስታ ይኖራሉ፣ መስከረም ሲያልቅ አዲስ አበባ ሊሄዱ መጡ። የዓይን ግፊት ጠብታ ነው የሚወስዱት፤ ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጠውን ዓይነት። ሦስት ጠርሙስ፣ ለሦስት ወር።

«ልጄ፣ ቀኑ ረጅም የሆነውን ስጠኝ፤ ከኋላ አውጣልኝ።»

«እማማ፣ ለዚህ መድኃኒት ሳጥኑ ላይ ያለው ቀን የሚሠራው እስኪከፍቱት ድረስ ነው። ከከፈቱት በኋላ አራት ሳምንት ብቻ ነው።»

«ታዲያ አንዱን ለመኝታ ቤት፣ አንዱን ለቦርሳዬ፣ አንዱን ለቤተ ክርስቲያን ይዤ እከፍታለኋ።»

ሦስቱም በአንድ ወር ሊያበቁ ነው። አንዱን ብቻ እንዲከፍቱ፣ ሁለቱን እህታቸው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶ ቤቱ ርቆ እንዲያኖሩ ለመንኳቸው። ለጉዞው በእጅ ቦርሳ፣ በፎጣ ከተጠቀለለ የበረዶ ከረጢት ጋር እንጂ በሻንጣ እንዳይልኩት ነገርኳቸው። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፌ «የተከፈተበት» እና «የሚጣልበት» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ቴርሞሜትር ከጎኔ ቆመው ሃያ ስምንቱን ቀን በፈረንጅ ወር ሊቆጥሩላቸው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፤ ኦክቶበር ሠላሳ አንድ ነው፣ ኖቬምበር ሠላሳ።

እማማ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። «ጥቅምት አምስት እከፍታለሁ» አሉ። «ወሩን እሻገርና ሁለት ቀን እቀንሳለሁ። ኅዳር ሦስት ይጣላል። ሁለተኛውን ያን ቀን እከፍታለሁ፤ ታኅሣሥ አንድ ይጣላል። ሦስተኛው...» ትንሽ ዝም አሉ። «ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ። በገና ዕለት።»

በዚያ ሁሉ ዓመት የቀለድኩበት አቆጣጠር፣ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ ሠላሳ ስለሆነ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ጨረሰ። እትዬ ቴርሞሜትር የታጠፉ ጣቶቻቸውን ዘረጉና ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። ልተረጉም ስዞር እማማ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ለጥምቀቱስ?»